ከወገቡ የተቆረጠ ቤት፦ የወለል ፕላን አነባበብ

ቤት ለማሠራት እየተዘጋጁ ላሉ ሰዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። በእጃችሁ የያዛችሁትን ወረቀት ገና አትክፈቱት። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ያለቀ ቤት አስቡልኝ። ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ተገጥሟል፣ አልጋውም ምድጃውም ቦታ ቦታውን ይዟል። አሁን ከወለሉ 1.20 ሜትር ያህል ከፍ በሉና ቤቱን በትልቅ መጋዝ ዙሪያውን አግድም ቁረጡት። የላይኛውን ክፍል አንሥታችሁ ወደ ጎን አስቀምጡ። ከዚያ ከላይ ሆናችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ያያችሁት ነገር የወለል ፕላን ነው።

ብዙ ሰው ፕላን ማለት ቤቱ ከላይ ሲታይ የሚመስለው ነው ብሎ ያስባል። ከላይ ቢታይማ የሚታየው ጣሪያው ነው። ፕላን የተቆረጠ ቤት ነው። 1.20 ሜትርም እንዲያው የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ በዚያ ከፍታ ላይ የሚያልፍ መጋዝ አብዛኛውን በርና አብዛኛውን መስኮት አብሮ ይቆርጣል፤ ስለዚህ አብዛኛው የግድግዳው ክፍተት ወረቀቱ ላይ ይታያል። አንዳንድ ባለሙያ 1 ሜትር ላይ፣ አንዳንዱ 1.50 ላይ ይቆርጣል። ልዩነቱ ለእናንተ ብዙ አይደለም። ትልቁ ነገር መጋዙ በመሃል ማለፉን ሁልጊዜ ማስታወስ ነው፤ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

አሁን ወረቀቱን ክፈቱ። ከሩቅ ያዙትና ፊደሉንም ቁጥሩንም ሳታነቡ መስመሮቹን ብቻ ተመልከቱ። አንዳንዱ መስመር ደማቅና ወፍራም ነው፤ ሌላው ቀጭን ነው፤ ሌላው ደግሞ በጣም ከመቅጠኑ የተነሣ ለዓይን አይጎላም። ውፍረቱ የሚነግራችሁ መጋዙ የት እንደነካ ነው። መጋዙ የቆረጠው ነገር ሁሉ፣ ግድግዳውና ኮለኑ፣ በወፍራም መስመር ይሣላል፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። ከመጋዙ በታች የቀረውና ከላይ ሆነን የምናየው፣ ለምሳሌ የወጥ ቤት መደርደሪያው፣ የመጸዳጃ መቀመጫው፣ የደረጃው ጠርዝ፣ በ0.25 ገደማ ይሣላል። በቤቱ ውስጥ የሌሉት፣ ለእኛ መረጃ ብለው የተጨመሩት የልኬት መስመሮች፣ ከሁሉም ይቀጥናሉ፤ 0.13 ወይም 0.18።

ይህን ካወቃችሁ አንድ ጠቃሚ ፍተሻ ወዲያው ማድረግ ትችላላችሁ። ሁለት ትይዩ መስመሮች ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ካያችሁ፣ ወፍራም ናቸው ወይስ ቀጭን ብላችሁ ጠይቁ። ወፍራም ከሆኑ መጋዙ ቆርጧቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ ላይ የሚሄድ ግድግዳ ነው። ቀጭን ከሆኑ መጋዙ አልነካቸውም፤ ከ1.20 በታች የቀረ አጭር ግድግዳ፣ ወይም መደገፊያ፣ ወይም መደርደሪያ ነው። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ በግድግዳ ተለይተዋል ብሎ ገንዘቡን የከፈለ ሰው፣ ቤቱ ሲያልቅ ደረቱ ላይ የሚቀር አጭር ግድግዳ ሲያገኝ አይቻለሁ። ወረቀቱ አልዋሸም፤ መስመሩ ቀጭን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ኮፒ አንድ ነገር ልበል። የመስመር ውፍረቶች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጡት እያንዳንዱ ከፊተኛው 1.4 ጊዜ ያህል እየወፈረ እንዲሄድ ሆኖ ነው፦ 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5። የወረቀት መጠኖችም አንዱ ወደሚቀጥለው ሲያድግ ጎኑ በዚያው 1.4 ጊዜ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ንድፉ በአንድ ደረጃ ቢተልቅ ወይም ቢቀነስ፣ መስመሮቹ ተመጣጥነው ይቀራሉ። በሁለትና በሦስት ደረጃ ያነሰ ኮፒ ላይ ግን ቀጫጭኖቹ ይጠፋሉ፣ ወፍራሞቹም እርስ በርስ ይዋጣሉ። ወይም ደግሞ ኮፒው ሁሉንም መስመር አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከተሰጣችሁ ለማንበብ አትታገሉ፤ በትክክለኛው መጠን የታተመውን ጠይቁ። ግድግዳና መደርደሪያ የማይለይበት ፕላን የመረጃው ግማሽ ጠፍቶበታል።

የተቆራረጡትን መስመሮች እንመልከት። እነዚህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚዘላቸው ናቸው፤ እኔ ግን ፕላን ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው እነሱን ነው። አንሥተን ወደ ጎን ያስቀመጥነው የላይኛው ክፍል አለ አይደል? በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉ፣ ለታችኛው ሰው ግን መታወቅ ያለባቸው ነገሮች በብዙ ንድፎች በተቆራረጠ መስመር ይሣላሉ። ሳሎኑን አቋርጦ የሚያልፍ ቢም፣ ከወጥ ቤቱ ምድጃ በላይ የሚሰቀል ቁምሳጥን፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚያበቃው የጣሪያ ጠርዝ። ችግሩ ይኸው የተቆራረጠ መስመር አንዳንድ ጊዜ ከወለሉ በታች ለተደበቀ ነገርም ይውላል፤ ለመሠረት ወይም ለፍሳሽ ቧንቧ። ከራስ በላይ ያለና ከእግር በታች ያለ ነገር በአንድ ምልክት ሲጻፍ መለያው የምልክቶች መግለጫው ነው፤ ወይም ከመስመሩ አጠገብ የተጻፈ አንድ ቃል። ሁለቱም ከሌሉ የመጀመሪያውን ጥያቄያችሁን አገኛችሁ ማለት ነው።

በሳሎን መሃል የሚያልፍ ጥንድ የተቆራረጠ መስመር ላይ "ቢም" ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ጥያቄው አያልቅም። ኮርኒሱ 2.90 ሜትር ላይ ቢሆንና ቢሙ ከዚያ በታች 50 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ከሥሩ 2.40 ይቀራል። ፕላኑ የቢሙን ስፋት ያሳያል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ ግን ሊያሳይ አይችልም። ፕላን ስለ ከፍታ ዲዳ ነው። ርዝመትንና ስፋትን ይናገራል፤ ሦስተኛውን በቁጥር ካልጻፉለት ወይም ወደ ሌላ ንድፍ ካልመሩት አያውቀውም። ስለዚህ የጎደለ መረጃ ፍለጋ ስትወጡ አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልጉት አንድ የጠፋ ከፍታ ነው።

በሩን ውሰዱ። የግድግዳው ክፍተት አለ፣ ከክፍተቱ አንድ ጫፍ የሚነሣ ቀጥ ያለ መስመር አለ፣ ከመስመሩ ጫፍ ወደ ሌላው የክፍተት ጫፍ የሚሄድ የሩብ ክብ ቅስት አለ። ቀጥ ያለው መስመር የተከፈተው መዝጊያ ነው። መዝጊያው ግድግዳውን የነካበት ቦታ ማጠፊያው ነው። ቅስቱ ደግሞ መዝጊያው ሲከፈት የሚጠርገው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ቅስቱ ውስጥ ምንም ነገር መኖር የለበትም። እጅ መታጠቢያው ወይም የሌላ በር ቅስት እዚያ ገብቶ ካያችሁ በቀይ አክብቡት።

አሁን ስፋቱ። ከበሩ አጠገብ 0.90 ተጽፏል እንበል። የምኑ 0.90? ግንበኛ የሚተወው ክፍተት ከሆነ፣ ፍሬሙ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ሲወስድ 80 ይቀራል። መዝጊያው ተከፍቶ ሲቆምም ውፍረቱ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ መተላለፊያው ውስጥ ይቀራል። በእርግጥ የምታልፉበት 76 ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በቤታችሁ ካለ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ለእሱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ንጹሕ ክፍተት ያስፈልገዋል። መልሱ በበርና መስኮት ሠንጠረዡ ላይ መገኘት አለበት። በሩ ላይ "በ-3" የሚል ምልክት ካለ፣ ሠንጠረዡ ላይ "በ-3" የሚል መስመር ይኑር፤ ከነስፋቱ፣ ከነቁመቱ፣ ከነዕቃው። ምልክቱ ኖሮ ሠንጠረዡ ከሌለ፣ አድራሻ ተጽፎበት ቤቱ ያልተሠራ መንገድ ላይ ቆማችኋል።

መስኮት ደግሞ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የሚሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ስፋቱን ታያላችሁ። ከወለል ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚጀምር ግን አታዩም። አንድ ወጥ ቤት ልንገራችሁ። ምድጃና ማጠቢያ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ በውጭው ግድግዳ በኩል ተዘርግቷል፤ ማጠቢያው በትክክል ከመስኮቱ ፊት ነው፤ ፕላኑ ላይ እጅግ ያምራል። ጠረጴዛው እንደተለመደው 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። የመስኮቱ ደፍም እንደሌሎቹ ክፍሎች 90 ላይ ተሠራ፤ ፕላኑ ላይ ሌላ ቁጥር አልነበረምና። የውኃው ቧንቧ ከጠረጴዛው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ መስኮቱ የሚከፈተው ደግሞ ወደ ውስጥ ነው። ቧንቧው ከተገጠመ ጀምሮ ያ መስኮት በግማሽ እንኳ ተከፍቶ አያውቅም። ከመስኮቱ አጠገብ "ደፍ 1.25" የሚል አንድ ቁጥር ቢጻፍ ይበቃ ነበር።

የመታጠቢያ ቤት መስኮትም ሌላ ነው። ከውጭ እንዳያሳይ ደፉ 1.60 ወይም 1.80 ላይ ከሆነ መጋዛችን ከሥሩ አልፏል፤ አልቆረጠውም። በደንብ የተሣለ ፕላን ላይ በተቆራረጠ መስመር ይታያል። እንደማንኛውም መስኮት ተሥሎ ካገኛችሁት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ሠዓሊው ረስቶታል፣ ወይ መስኮቱ እውነትም ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ሻወር የሚወስድ ሰው ከጎረቤት ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። መጠየቅ ነው።

ወደ ደረጃው ስንመጣ የራሴን ነገር እነግራችኋለሁ። ደረጃ የታችኛው ፎቅ ፕላን ላይ ሲታይ ከተወሰኑ እርከኖች በኋላ በዘንበል መስመር ይቋረጣል። ብዙ ሰው ለምን እንደተቋረጠ አይገባውም። አሁን ግን ለእናንተ ግልጽ ነው፤ መጋዙ ነው። እያንዳንዱ እርከን 17.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ 1.20 ላይ የሚመጣው መጋዝ ሰባተኛው እርከን ገደማ ላይ ያገኘዋል። ከዚያ በላይ ያለው ከላይኛው ክፍል ጋር ተነሥቷል። ቀስቱ ደረጃው ወደ ላይ የሚወጣበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ አጠገቡም የእርከኑ ቁጥር ይጻፋል።

በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ። ፕላኑ ላይ ቀጥ ያለ ደረጃ፣ "16 እርከን፣ መርገጫ 28" ተብሎ ተጽፏል። ርዝመቱም ተጽፏል፦ 4.20። ሒሳቡን ሠራሁ፤ 16 ከፍታ ያለው ደረጃ 15 መርገጫ አለው፣ የመጨረሻው መርገጫ የላይኛው ፎቅ ወለል ራሱ ስለሆነ፤ 15 ጊዜ 28 ደግሞ 4.20 ነው። ትክክል። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን አጠፍኩ። የላይኛውን ፎቅ ፕላን አልገለጥኩም፤ ጥፋቴም እሱ ነበር። እዚያ ወረቀት ላይ፣ የታችኛው ወለል ±0.00 ሲሆን የላይኛው +3.20 ተብሎ ተጽፏል። 3.20 ሜትርን ለ16 አካፍሉት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ለቤት ደረጃ የሚመቸው ከ16 እስከ 18 ነው። ያንን ደረጃ ሽማግሌ ቀርቶ ልጅም በየቀኑ አይወጣውም።

ሴክሽንስ አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበር። ፕላኑ ላይ "ሀ–ሀ" የሚል፣ በሁለት ጫፉ ቀስት ያለው መስመር ቤቱን አቋርጦ ያልፋል፤ ቤቱ በዚያ መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች ሲሰነጠቅ የሚታየው ንድፍ ሌላ ወረቀት ላይ አለ። ነገር ግን መስመሩ ያለፈው በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ቤቱ በኩል ነበር። ደረጃውን አልነካውም። ስለዚህ የዚያ ደረጃ ከፍታ በየትኛውም ወረቀት ላይ ተሥሎ አያውቅም። ያወቅነው አናጺው እንጨቱን ሊቆርጥ ከፍታውን ለክቶ ሲያካፍል ነው። ለ18 ብናካፍለው 17.8 ይሆናል፤ ጥሩ ነው። ግን ሁለት መርገጫ ይጨመራል፣ ማለትም 56 ሴንቲ ሜትር፤ የደረጃው ርዝመት 4.76 ይሆናል። ከደረጃው ግርጌ ደግሞ የክፍል በር ነበር። በሩን ወደ ሌላ ግድግዳ አዛወርነው፤ የተገነባውን አፍርሰን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደረጃ ባየሁ ቁጥር የላይኛውን ወለል ቁጥር ፈልጌ እስካላካፈልኩ ድረስ አላልፍም። የሴክሽን መስመሩንም በጣቴ እየተከተልኩ ምኑን እንደቆረጠ አያለሁ። የሴክሽን መስመር ደረጃን፣ ወይም የወለል ከፍታ የሚለዋወጥበትን ቦታ ካልነካ፣ ዋናው ነገር አልተሣለም።

አሁን ወደ ልኬቶቹ። በቤቱ ውጭ ዙሪያውን የተደረደሩ መስመሮች ታያላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ረድፍ ናቸው። ከሁሉ ራቅ ያለው የቤቱን ጠቅላላ ርዝመት ይነግራል። መካከለኛው ከአክሲስ እስከ አክሲስ ነው፤ አክሲስ ማለት በግድግዳው ወይም በኮለኑ መሃል የሚያልፍ፣ ሰረዝና ነጥብ እያፈራረቀ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ በክብ ውስጥ ፊደል ወይም ቁጥር ያለበት መስመር ነው። ለቤቱ የቀረበው ረድፍ ደግሞ ግድግዳውንና ክፍተቱን አንድ በአንድ ይቆጥራል።

በእጃችሁ ያለው ፕላን ላይ የፊት ለፊቱን በኩል እንደምር። ውጭኛው ረድፍ 10.20 ይላል። መካከለኛው 4.80፣ 1.80፣ 3.40 ይላል፤ ድምሩ 10.00። ከ10.20 ጋር ያልተስማማ ይመስላል፤ ግን ተስማምቷል። አክሲሶቹ በግድግዳው መሃል ስለሚያልፉ፣ ከመጀመሪያው አክሲስ በስተግራ የግማሽ ግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከመጨረሻው በስተቀኝም 10 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። 10.00 እና 0.20፤ 10.20። ይህ ልክ ነው።

አሁን የውስጠኛውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ። ግድግዳ 0.20፣ ሳሎን 4.60፣ ግድግዳ 0.20፣ መታጠቢያ 1.60፣ ግድግዳ 0.20፣ መኝታ 3.40፣ ግድግዳ 0.20። ደምሩት። (እዚህ ላይ ጥቂት ጊዜ ሰጠሁ፤ ከአዳራሹ መሃል "10.40" የሚል ድምፅ መጣ።) አዎ፣ 10.40። 20 ሴንቲ ሜትር ተርፏል።

የልዩነቱን መጠን ችላ አትበሉት፤ እሱ ራሱ ይናገራል። 20 ሴንቲ ሜትር የአንድ ግድግዳ ውፍረት ነው። ልዩነቱ ልክ የግድግዳ ውፍረት ሲሆን፣ አንድ ሰው ከግድግዳ ፊት እስከ ግድግዳ ፊት መጻፍ ሲገባው ከአክሲስ እስከ አክሲስ ያለውን ጽፏል ማለት ይሆናል። ተመልከቱ፤ መካከለኛው ረድፍ ላይ የመጨረሻው ቁጥር 3.40 ነው። ውስጠኛው ረድፍ ላይም የመኝታ ቤቱ ስፋት 3.40 ተብሏል። ሁለቱ እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ የአክሲሱ ርቀት ሁልጊዜ በአንድ ግድግዳ ውፍረት ይበልጣል። ሳሎኑ 4.80 እና 4.60 ነው፣ መታጠቢያው 1.80 እና 1.60። የመኝታ ቤቱ 3.20 መሆን ነበረበት።

ለምን ይህን ያህል አደክማችኋለሁ? መኝታ ቤቱ 3.40 ነው ብላችሁ ብታስቡ፣ ልስኑ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ወስዶ 3.36 ይቀራል። 2 ሜትር የሚረዝም አልጋ በስፋቱ አቅጣጫ ተኝቶ፣ በግርጌው በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ከቆመ፣ በመሃል 76 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ አላችሁ። 3.20 ከሆነ ግን 56 ይሆናል። በ76 ሰው ቆሞ ቁምሳጥን ይከፍታል፤ በ56 ግን መዝጊያው አልጋውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። እንዲህ ያለው ልዩነት ግድግዳው ከተገነባ በኋላ አይስተካከልም።

የትኛው ልክ እንደሆነ እናንተ አትወስኑም። እኔም አልወስንም። ምናልባት ንድፍ አውጪው ክፍሉን ለማስፋት ፈልጎ ውስጡን ቀይሮ ሌሎቹን ረድፎች ሳይቀይር ቀርቶ ይሆናል። ልዩነቱን አክብባችሁ ትጠይቃላችሁ፤ መልሱም በቃል ሳይሆን ተስተካክሎና አዲስ ቀን ተጽፎበት በወረቀት ይመጣል።

ማስመሪያ አምጥተን ወረቀቱ ላይ ብንለካስ ያለ አለ? ለፍንጭ ያህል ይሆናል። በ1:50 ስኬል 3.20 ሜትር 6.4 ሴንቲ ሜትር፣ 3.40 ደግሞ 6.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ግን የተጻፈ ቁጥር ከተለካ መስመር ይበልጣል፤ ማንም ከወረቀት ለክቶ መገንባት የለበትም። አንዱ ምክንያት ኮፒው ነው። በትልቁ ወረቀት 1:50 ሆኖ የተሣለ ንድፍ ጎኖቹ በግማሽ ሲያንሱ 1:100 ይሆናል፤ በቀኝ ጥግ ያለው ሳጥን ግን እስከ መጨረሻው "1:50" እያለ ይኖራል። ይህን መመርመር ቀላል ነው። የቤቱ ጠቅላላ ርዝመት 10.20 በ1:50 ላይ 20.4 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ማስመሪያችሁ 10.2 ካሳየ ወረቀቱ ተቀንሷል። በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ካሳየ ደግሞ ማተሚያው በራሱ አሳንሶት ይሆናል፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ምንም አትለኩ።

ጥያቄዎቼን የምሰበስበው እንዲህ ነው። እርሳስ ይዤ በዋናው በር ወደ ቤቱ እገባለሁ። እርሳሱ እኔ ነኝ። በሩን እከፍታለሁ፤ መዝጊያው የት ሄዶ ቆመ? አንድ እርምጃ እገባለሁ፤ ወለሉ ከውጭው ምን ያህል ከፍ አለ? ቁጥሩ ተጽፏል? ወደ መታጠቢያ ቤቱ እሄዳለሁ፤ በሩ ሥር አንድ ቀጭን መስመር አለ። ይህ መስመር ወይ የወለሉ ዕቃ የሚቀየርበት ነው፣ ወይ ወለሉ ዝቅ የሚልበት። ከውስጥ "−0.02" ቢል ውኃው ወደ ኮሪደሩ አይወጣም። ምንም ካላለ ሠራተኛው እኩል አድርጎ ይጨርሰዋል፤ ጥፋተኛም አይደለም። ውኃው ወዴት እንደሚፈስስ፣ መውረጃው የቱ ጥግ እንደሆነ እፈልጋለሁ። ወደ ላይ አያለሁ፤ ኮርኒሱ ስንት ላይ ነው? ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል። አንድ መካከለኛ ቤት በዚህ አካሄድ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ አሥር አሥራ አምስት ቀይ ክቦች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ሌላ ወረቀት ላይ መልስ ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። የቀሩት ናቸው ለንድፍ አውጪው የሚሄዱት።

ከጨረስኩ በኋላ አንዲት እህት እጇን አንሥታ፣ "ንድፍ አውጪው እንደተናቀ አይቆጥረውም ወይ?" ብላ ጠየቀች። በእኔ ልምድ የሚያስከፋው አጠያየቁ ነው። "ይህ ፕላን ተሳስቷል" ከማለት፣ "በፊት ለፊቱ ውስጠኛው ረድፍ 10.40 ይመጣል፣ ውጭኛው 10.20 ይላል፤ የትኛውን ልያዝ?" ብትዪው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያመሰግንሻል። ቁጥሩንና ቦታውን ጠቅሶ የመጣ ጥያቄ በሁለት ደቂቃ ይመለሳል።

አንድ አባት ደግሞ፣ "ቀይ ክቦቹ ሁሉ እኩል ናቸው ወይ? ሥራው ነገ ሊጀመር ቢሆን የቱን ልያዝ?" አሉ። አይደሉም፣ አባቴ። ነገ መሠረት የሚቆፈር ከሆነ፣ የአክሲሶቹ ድምር ከጠቅላላው ርዝመት ጋር መስማማቱንና የወለሉ ከፍታ መጻፉን ዛሬ ማታ ይዩ። የፍሳሽ ቧንቧው ከግድግዳው ሥር የሚያልፍበት ቦታም መታወቅ አለበት፤ መሠረቱ ከተሞላ በኋላ በድንጋይና በኮንክሪት መሃል መሰርሰር ይመጣልና። ቀጥሎ ደረጃው ነው። የመስኮቱ ደፍ ግንቡ 90 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይታገሣል፤ የበሩ መዝጊያ አቅጣጫ ፍሬሙ እስኪታዘዝ ይታገሣል። የኮርኒሱ መብራት ቦታ ቢዘገይም ሽቦው የሚተላለፍበት ቱቦ የሚቀበረው ሶሌታው ሲሞላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ይጠይቁ።